ሐዋሳ ላይ ጎጆ ሲወጣ፦ ያገለገለ ዕቃ ከማን ይገዛ? የትኛውስ አዲስ ይሁን?

ታናሽ እህቴ ባለፈው ዓመት ሐዋሳ ሥራ አገኘችና ከዲላ መጣች። አቶቴ አካባቢ ሁለት ክፍል ተከራየች። እጇ ላይ የነበረው 75 ሺህ ብር ነው። በዚያ ገንዘብ ባዶ ቤት መሙላት ነበረባት። እኔ እዚህ ከተማ ስድስት ዓመት ስለኖርኩ፣ በዚህም ላይ ሦስት ቤት ስለቀየርኩ፣ ገበያው የኔ ሥራ ሆነ።

የጀመርነው ከፍሪጅ ነው። ትልቁ ወጪ እሱ ስለሆነ መጀመሪያ እሱ ይለይ አልን። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ተመሳሳይ መጠን ያላቸው ፍሪጆች አየን። አንዱ በቴሌግራም የተለጠፈ ነበር፣ በደላላ፣ 19 ሺህ ብር። ሁለተኛው ከተማዋን ለቀው የሚሄዱ አንዲት መምህርት ቤት፣ 24 ሺህ። ሦስተኛው ያገለገሉ ዕቃዎች መሸጫ ሱቅ ውስጥ፣ 28 ሺህ። እህቴ ዓይኗ 19 ሺህው ላይ ቀረ። ማን ይፈርድባታል?

ዋጋዎቹ የእኛ የገበያ ቀን ዋጋዎች ናቸው። እናንተ ስትወጡ ሌላ ሊሆኑ ይችላሉ። አሠራሩ ግን ያው ነው። የተለጠፈውን ዋጋ ሳይሆን ዕቃው ቤታችሁ ገብቶ፣ ተሰክቶ፣ መሥራት እስኪጀምር የሚያስወጣውን አስሉ። እኛም እንደዚያ አደረግን።

ሦስቱን ፍሪጆች ቤት ድረስ ስናስላቸው

የደላላው ፍሪጅ 19 ሺህ ነው። የደላላው ኮሚሽን 1,000 ብር። ፒክአፕ 1,200፣ ጫኝና አውራጅ 600። እዚህ ድረስ 21,800 ይሆናል፤ አሁንም ርካሽ ነው። ግን ይዘነው የሄድነው የፍሪጅ ጠጋኝ ከኋላ በኩል ባትሪ አብርቶ አየና የቱቦው መጋጠሚያ ላይ ቅባት የነካው ጥቁር አቧራ አሳየን። ጋዝ ሲያፈስ ዘይቱም አብሮ ይወጣል፣ አቧራ ይይዛል፣ እንደዚያ ይሆናል። ቀዳዳውን በይዶ ጋዝ ለመሙላት 4,500 ጠየቀ። ድምሩ 26,300። ያውም ኮምፕሬሰሩ ጤነኛ ከሆነ።

የመምህርቷ 24 ሺህ፣ ከመኪናና ከጫኝ ጋር 25,800። የሱቁ 28 ሺህ ሲሆን ባለሱቁ በ1,000 ብር ቤት ድረስ አደርሳለሁ፣ የአንድ ወር ዋስትናም እሰጣለሁ አለ። 29 ሺህ።

ስለዚህ ርካሹ ከመካከለኛው በለጠ። ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል ማለቴ አይደለም። በደላላ በኩል ጥሩ ዕቃ የገዛ ሰው አውቃለሁ። ነገር ግን የሦስቱ ልዩነት ከዋጋው በላይ ሻጩ ለምን እንደሚሸጥ ማወቅ መቻላችሁ ላይ ነው።

ከተማ ለቆ የሚሄድ ሰው የሚሸጠው ስለሚሄድ ነው። ዕቃው ስለተበላሸ አይደለም። ትናንት ማታ ምግቡን ያስቀመጠበት ፍሪጅ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሲሠራ ታዩታላችሁ። ጉድለቱ ቀን ላይ ነው። ቀኑ ከደረሰ ሰውየው ይጣደፋል፣ ካልደረሰ ደግሞ «እስክሄድ ልጠቀምበት» ይላል፤ እናንተም ያለ ፍሪጅ ትጠብቃላችሁ።

ሱቅ ዕቃ ገዝቶ አትርፎ ነው የሚሸጠው። አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ገዝቶ፣ ጠግኖ፣ ቀለም ቀብቶ ያቆማል። ይህ ነውር አይደለም፣ ሥራው ነው። ጥቅሙ ነገ ብትመለሱ ቦታው ላይ ታገኙታላችሁ። ዋስትናው ግን ወረቀት ላይ ካልሰፈረ ዋጋ የለውም። «ኮምፕሬሰርና ጋዝ አንድ ወር» ብሎ፣ ቀን ጽፎ፣ ማህተም ይምታ። ካመነታ ከመምህርቷ ፍሪጅ በላይ የምትከፍሉት 3,200 ብር ለምንም አልተከፈለም ማለት ነው።

ደላላ ዕቃውን አያውቀውም። የሚያውቀው ገዢና ሻጭ ነው። «እንዴት ነው ያለው?» ብትሉት «ምንም አይልም፣ አዲስ በሉት» ይላል፤ ስለ ሁሉም ዕቃ እንደዚያ ነው የሚለው። በቴሌግራም በኩል ሌላም ነገር አለ። «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፣ ቀብድ 2 ሺህ በቴሌብር ላክና ልያዝልህ» የሚል መልእክት ከመጣ እዚያው አቁሙ። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ 1,500 ብር የበላኝ አንድ ሰው ነበር። ስልኩ እስከ ዛሬ አይነሳም። ሶፋውም ምናልባት አልነበረም። ዕቃውን በዓይን ሳያዩ፣ በእጅ ሳይነኩ ብር የለም።

መቼ ነው ሰው የሚለቀው?

ሐዋሳ የመጪና የሂያጅ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲው አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ተመርቋል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ከተማዋ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ሆነች። እነዚህ ሦስቱ ሰው ያመጣሉ፣ ሰው ይወስዳሉ።

የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ዝውውርና የኮንትራት ማለቅ ወደዚያ ይጠጋል። መምህራንም ቢዛወሩ ክረምት ላይ ነው። ስለዚህ ሰኔና ሐምሌ ሻጭ ይበዛል። መስከረምና ጥቅምት ደግሞ ገዢ ይበዛል፦ አዲስ ሠራተኛ፣ ከግቢ ውጭ የሚከራይ ተማሪ። እህቴ የመጣችው መስከረም መጨረሻ ላይ በመሆኑ እኛ በመጥፎው ወቅት ነበርን። ሥራችሁ ነሐሴ ወይም መስከረም ላይ የሚጀምር ከሆነና እዚህ ዘመድ ካላችሁ፣ ትልልቁን ዕቃ ሐምሌ ላይ ገዝቶ እንዲያስቀምጥላችሁ ለምኑት።

አንድ ሰው የሚይዘው ጠባብ አልጋና የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን ክረምት በጋ አይልም። የፓርኩ ሠራተኞች ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ስለሚከራዩ እነዚህ ዕቃዎች ወዲያው ይነሳሉ። ጥሩ አልጋ ካያችሁ «ነገ እመለሳለሁ» አትበሉ።

ፍሪጁን እንዴት ፈተንነው

መምህርቷ ጋ ከመሄዳችን በፊት በዋዜማው ደወልኩ።

«እትዬ፣ ነገ ጠዋት ነው የምንመጣው። ካላስቸገርኩዎት ማታ ከሶኬት ይንቀሉልኝ።»

«ውስጡ ሥጋ አለኮ ልጄ።»

«እንግዲያው ማለዳ ላይ ይሁን፤ እኛም አምስት ሰዓት ገደማ እንመጣለን።»

ሥጋውን ጎረቤት አስቀመጡት። ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ ከዚያ አወቅሁ።

ለምን ይነቀል? ሲሠራ የዋለ ፍሪጅ ቅዝቃዜው የዛሬ ይሁን የትናንት አይታወቅም። ደካማ ኮምፕሬሰር አንዴ የቀዘቀዘን ሳጥን እንደ ምንም ይዞ ሊቆይ ይችላል። ከሞቀ ሳጥን ተነስቶ ማቀዝቀዝ ግን ሥራ ነው፤ ድክመቱ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ስንደርስ ውስጡ የክፍሉን ያህል ሞቆ ነበር። ሰካነው። መጀመሪያ ድምፁን አዳመጥን። ጤነኛ ኮምፕሬሰር አንዴ «ጠቅ» ይልና ለስለስ ባለ ድምፅ ይቀጥላል። በየደቂቃው ተነስቶ «ጠቅ» ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ወይ ማስነሻው ሬሌ ሄዷል፣ ወይ ኮምፕሬሰሩ ራሱ እየደከመ ነው። ሬሌ ትንሽ ገንዘብ ነው። ኮምፕሬሰር ግን የፍሪጁን ግማሽ ዋጋ ሊበላ ይችላል። ከውጭ ሆናችሁ ልዩነቱን ስለማታውቁት ኮምፕሬሰር ነው ብላችሁ ገምቱ።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሁለት ቦታ በእጅ ዳሰስን። የፍሪዘሩ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ መቀዝቀዝ ጀምሮ ነበር። የውጭው ጎን ደግሞ ሞቅ ብሏል፤ ከውስጥ የወጣው ሙቀት በዚያ በኩል ስለሚሄድ መሞቁ ጥሩ ምልክት ነው። ኮምፕሬሰሩ እየሠራ ጎኑም ሆነ ጀርባው ካልሞቀ፣ ወይም ፍሪዘሩ አንዱ ጥግ ብቻ በረዶ ይዞ ሌላው ለብ ካለ ጋዝ አንሷል ማለት ነው። «ጋዝ ይሞላል፣ ቀላል ነው» ሊሏችሁ ይችላሉ። ጋዝ ግን እንደ ነዳጅ አያልቅም፤ የታሸገ ነው። ካነሰ የሆነ ቦታ ይፈሳል። ቀዳዳው ሳይደፈን ጋዝ የተሞላለት ፍሪጅ በሻጩ ቤት አሪፍ ሆኖ ይቆያል፣ በሳምንታት ውስጥ በእናንተ ቤት ይሞታል።

ከዚያ አንድ ብርጭቆ ውኃ ፍሪዘሩ ውስጥ አስገባንና ቡና ተጠራን። ቡናው እስከ ሦስተኛው ሲደርስ ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር። ብርጭቆው ላይ ቀጭን በረዶ ይዟል። በቃን።

እየጠበቅን ሳለ የበሩን ጎማም አየን። አሥር ብር ኖት በበሩ መሀል አስገብቶ ዘግቶ መሳብ ነው። ብሩ ከያዘ ጎማው ያሸጋል፣ ተንሸራቶ ከወጣ ሙቀት ያስገባል፣ ቅዝቃዜ ያስወጣል። በአራቱም ጎን ሞክሩት። አንድ ጎን ብቻ ከላላ በሙቅ ውኃ ለስልሶ ሊመለስ ይችላል፤ ከተቀደደ ግን ይቀየራል፣ ያንን ከዋጋው ቀንሱ።

ከኋላ ያለውን ጽሑፍም አንብቡ። 220 ወይም 220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ማለት አለበት። 110 ቮልት የሚል ካያችሁ ከአሜሪካ የመጣ ነውና እኛ ሶኬት ላይ ያለ ትራንስፎርመር ሲሰካ ይቃጠላል። ከሳዑዲ የሚመጣ ዕቃ ቮልቱ ልክ ሆኖ 60 ኸርዝ የሚል አለ። ያ ይሠራል፣ ግን ሞተሩ ይግላል፤ እኔ አልገዛውም። R600a የሚል ጽሑፍ ካለ ደግሞ ጋዙ የሚቀጣጠል ዓይነት ነው። ፍሪጁ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ሲበላሽ ግን ይህን ጋዝ የሚያውቅ ጠጋኝ ያስፈልገዋል። ጋዙ ሳይወጣ በእሳት የሚበይድ ሰው እጅ ላይ አደጋ ነው።

ወረቀቱና መንገዱ

ከግለሰብ ስትገዙ ሁለት መስመር ወረቀት ጻፉ። የፍሪጁን ዓይነትና ቁጥር፣ ዋጋውን፣ ቀኑን፣ የሁለታችሁን ስምና ፊርማ፣ ከተቻለም ሁለት ምስክር። የመታወቂያውን ፎቶ አንሱ። ደስ የማይል ይመስላል፤ እውነተኛ ሻጭ ግን አይከፋም፣ ነገ እሱም «ሸጫለሁ» ለማለት ይጠቅመዋል። የተሰረቀ ዕቃ መሆኑን እያወቁ መግዛት በሕግ ያስጠይቃል። ሳያውቁ የገዙትም ቢሆን ከፖሊስ ጣቢያ መመላለሱ አይቀርላቸውም። መንገድ ላይ በጋሪ ተጭኖ «ቶሎ ውሰደው» የሚባል ቴሌቪዥን ስንት ብር እንደሆነ አትጠይቁ።

ፍሪጅ በቁሙ ነው የሚጓዘው። ከተጋደመ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ይሄዳል፤ ወዲያው ከሰካችሁት ኮምፕሬሰሩ ያለ ዘይት ይነሳል። በቁሙ የመጣም ቢሆን ጥቂት ሰዓት ይረፍ፤ ተጋድሞ የመጣ ከሆነ ሳይሰካ ይደር። ይህን ለሾፌሩ ከመጫኑ በፊት ነው የሚነግሩት፤ መንገድ ላይ «ቢጋደም ይሻላል» ሲል ተከራክራችሁ አታሸንፉም።

የጫኝና አውራጅ ነገር በዋጋ ድርድር ላይ የማይታሰብ ወጪ ነው። በብዙ ሰፈር የተደራጁ ልጆች አሉ፤ መኪናው ሲቆም ይመጣሉ፣ ዋጋውን እነሱ ይጠራሉ። ከመጫን በፊት የሚወርድበት ሰፈር ሄዳችሁ ልጆቹን አነጋግሩ፣ ዋጋ ቁረጡ። እኛ በ600 ተስማምተን ነበር። ሲያወርዱ «አልጋም አለበትኮ» ብለው 1,000 ጠየቁ። የቤቱ ባለቤት ጋሼ ወጥተው «ልጆች፣ የተስማማችሁበትን ውሰዱ» ባይሏቸው ኖሮ እንከፍል ነበር።

አልጋው አሮጌ፣ ፍራሹ አዲስ

እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ፍራሽ ያገለገለ አይገዛም። ስፖንጁ በሰው ክብደት ጎድጉዶ ተመልሶ አይነሳም፣ ከዚያ በላይ ግን ትኋን አለ። ትኋን ሳይበላ ወራት መቆየት ይችላል፤ ስለዚህ «ፍራሹ ሁለት ወር ማንም አልተኛበትም» የሚለው ማስተማመኛ አይሆንም። ያገለገለ ሶፋም ለኔ ከዚያው ጎራ ነው። ሶፋ የሚያምራችሁ ከሆነ አንድ ዓመት ታገሱ።

አልጋው ግን ያገለገለ ቢሆን ምንም አይደለም፣ በተለይ የብረት ከሆነ። የብረት አልጋ ይፈታል፣ ይገጠማል፣ ቢሰበር ማንኛውም በያጅ ይሠራዋል። ከቤት ቤት ስትዞሩ አብሯችሁ ይዞራል። የእንጨት አልጋ ያማረ ነው፤ ግን ማጋጠሚያዎቹ ሁለት ጊዜ ከተፈቱ ይላላሉ፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ይንቋቋል።

መምህርቷ 1 ሜትር ከ20 የሆነ የብረት አልጋ ነበራቸው፣ 3,500 ብር። የስልክ ባትሪ አብርቼ የቡሎን ቀዳዳዎችን፣ የርብራቡን ሥርና የቱቦውን ጫፎች አየሁ። የምትፈልጉት ትኋን የሚተወውን ጥቁር ነጥብ ነው፤ የእስክሪብቶ ጫፍ የነካው የሚመስል፣ የተጠራቀመ። የተላጠ ቡናማ ቆዳም ሊኖር ይችላል። ምንም አልነበረም። ቢሆንም ቤት ስናስገባው ግቢ ውስጥ ፈታትተን የፈላ ውኃ ቀዳዳዎቹ ውስጥ አፈሰስን፣ ፀሐይ ላይ አዋልነው፣ በ500 ብር ቀለም ቀባነው። ትኋንም ሆነ እንቁላሉ የፈላ ውኃ አይችልም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ እኔን ጎድቶኛል። መጀመሪያ አልጋውን ግዙ፣ ለኩት፣ ከዚያ ፍራሽ። ፍራሽ በልክ ነው የሚመጣው፦ 90፣ 120፣ 150 ሳንቲ ሜትር። አናጢ ቤት የተሠራ አልጋ ግን 115 ወይም 145 ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ እንጨቱ እስከዚያ ነበር የደረሰው። እኔ በመጀመሪያው ቤቴ ፍራሹን ቀድሜ ገዝቼ ጠርዙን በቢላ ቆርጬዋለሁ። የእህቴ 120 ነበር። ፍራሹ 9 ሺህ ወጣበት።

ቁም ሳጥን፦ የጨርቁን መረጥን

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ያገለገለ ይገዛል። እኔ አልስማማም።

አሁን ገበያ ላይ ያለው ያገለገለ ቁም ሳጥን አብዛኛው ቺፕውድ ወይም ኤምዲኤፍ ነው፤ ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ። ቆሞ ሲታይ ያምራል። ችግሩ የሚጀምረው ሲፈታ ነው። ቪሱ አንዴ ከወጣበት ቀዳዳ ሲመለስ አይነክስም፣ ዱቄቱ ይረግፋል። ከእግሩ በኩል ደግሞ ወለል ሲታጠብ የነካው ውኃ ያሳብጠዋል። ስለዚህ ሻጩ በሩን ከፍቶ መስታወቱን ሲያሳያችሁ እናንተ ተንበርከኩና ከታች ያለውን ጠርዝ በጥፍር ተጫኑት። ከገባ ወይም ካበጠ ተዉት። ከዚያ በላይኛው ጥግ ይዛችሁ ገፋ አድርጉት፤ እንደ ሰካራም ከተወዛወዘ መገጣጠሚያው አልቋል።

አንዱን ኪሳራውን ለማየት ስንል አስልተነው ነበር። ባለ ሁለት በር፣ 9 ሺህ ብር። መኪና 1,000። ፈትቶ የሚገጥም አናጢ 1,500። ከኋላ ያለው ኮምፔንሳቶ ተቀዶ ስለነበር አዲስ 1,200። 12,700 መጣ። አናጢ ጋ አዲስ ባለ ሁለት በር ኤምዲኤፍ፣ ቤት ድረስ፣ 17 ሺህ። ልዩነቱ 4,300 ነው። አንዱ ቀጣዩን ቤት አይደርስም፣ ሌላው ምናልባት ይደርሳል።

ሁለት ነገር ሐሳቤን ይቀይረዋል። ዋንዛ ከሆነ ግዙት። ሙሉ እንጨት ነው፣ ቪስ ይይዛል፣ ሲፍቁት ይታደሳል። ከመግዛት በፊት ከሥሩ እንደ ዱቄት ያለ ነገር መኖሩን እዩ፤ ካለ ነቀዝ ገብቶበታል። ሁለተኛው፣ ሻጩ የምትከራዩት ቤት ውስጥ የነበረ ሰው ከሆነና ቁም ሳጥኑ ከቆመበት የማይነቃነቅ ከሆነ፣ ያኔ ቺፕውዱም ያዋጣል፤ ዋጋውን ግን በግማሽ ጀምሩት፣ እሱም ማውጣት አይፈልግም።

እህቴ በመጨረሻ በ3,500 ብር የጨርቅ ቁም ሳጥን ገዛች፣ አዲስ። አያምርም። ግን በአንድ ባጃጅ ይጓዛል፤ ገና የምትሰነብትበትን ሰፈር ለማታውቅ ሰው ይኸው ነው የሚሆነው።

ጥራጊው ውስጥ ያለው ትርፍ

ከለቃቂ ሰው የመግዛት ትልቁ ጥቅም ከፍሪጁ ይልቅ ከሱ በኋላ የሚቀረው ዕቃ ነው። ድስት፣ ሰታቴ፣ ሳህን፣ ጀበና ከነረከቦቱ፣ መጥረጊያ፣ ባልዲ፣ የልብስ ገመድ። አዲስ ቤት ስታቋቁሙ ገንዘባችሁን ሳታውቁት የሚበላው ይኸው ነው።

ለሚሄደው ሰው ግን ሸክም ነው። አንድ በአንድ ለመሸጥ ጊዜ የለውም፤ ቢጠራው የሚመጣው ቁራሌው ነው፣ እሱ ደግሞ ከድስቱ የሚፈልገው ብረቱን ነው። ስለዚህ በየዕቃው አትከራከሩ። ትልቁን ዕቃ ተስማምታችሁ፣ ከፍላችሁ፣ ሲጫን «እትዬ፣ የቀረውንስ በአንድ ላይ ብንወስድልዎት?» በሉ። መምህርቷ 6 ሺህ አሉ፣ እኛ 3 ሺህ አልን፣ በ4 ሺህ ተጠናቀቀ። ሦስት ድስት፣ አንድ ሰታቴ፣ ደርዘን ሳህን፣ ብርጭቆ፣ ጀበናና ሲኒ፣ ወንፊት፣ ሁለት ጀሪካን። ጠረጴዛና ሁለት ወንበርም በ4,500 አብሮ መጣ፤ መኪናው ለፍሪጁ ተከፍሎበታልና ሌላ ኪራይ አልወጣም።

ከዚህ ውስጥ የምትለዩት የማይጣበቅ መጥበሻን ነው። ጥቁሩ ከተላጠ አትውሰዱት። የፕላስቲክ ጀሪካንም አሽትቱ፤ ጋዝ ወይም ዘይት ከነበረበት ታጥቦ አይለቅም። ውኃ ሁልጊዜ ስለማይመጣ በርሜል ደግሞ የግድ ነው፣ እሱን በ1,800 አዲስ ገዛን።

ምድጃና ምጣድ

የኤሌክትሪክ ምድጃ አዲስ ይሁን። ባለ ሁለቱ 3,200 ነበር፤ ያገለገለው ከዚያ ብዙም አይወርድም፤ ገመዱና ሶኬቱ ደግሞ ሲግል የኖረ ነው። ለፍሪጁ የቮልት መጠበቂያ በ1,500 ጨመርንበት፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚያቃጥለው አመላለሱ ነው።

ምጣዱ ላይ እናቴ ከዲላ ደውላ ተጣልታኛለች። «ምጣድ የሌለው ቤት ቤት ነው እንዴ?» አለች። እኔም እንዲህ አስረዳኋት። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ነው። የተከራየነው ቤት ሽቦ ቀጭን ነው፣ ከአከራዩ ቆጣሪ ተቀጥሎ የመጣ። ከፍሪጅና ከምድጃ ጋር አብሮ ከተሰካ ወይ ብሬከሩ ይወድቃል፣ ወይ ሽቦው ይግላል። ጋሼም ሲያከራዩ «ምጣድ አይሰካም» ብለው ነበር። ይህንን ከመግዛታችሁ በፊት አከራያችሁን ጠይቁ፤ ብዙ ሰው ገዝቶ ነው የሚጠይቀው።

ከተፈቀደላችሁ ያገለገለ ምጣድ መጥፎ አይደለም፤ ያለቀ ሽቦ በትንሽ ብር ይቀየራል። የሸክላው ነገር ነው ወሳኙ። በጣታችሁ አጥንት መታ መታ አድርጉት። ጠንከር ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ካሰማ ደህና ነው፤ ድፍን ብሎ ከመለሰ ስንጥቅ አለበት፣ ባይታይም። አሙቀው ውኃ ይርጩበት፤ ውኃው መሀሉ ላይ ተንኖ ዳሩ ላይ ከቆየ እንጀራው ዳሩ ጥሬ ይሆናል።

እህቴ እንጀራ ከጎረቤት ትገዛለች። ሁሉም ሲደመር 57,300 ብር ወጣ፤ ከ75 ሺህው 17,700 ተርፏል። እናቴ ቤቱን ልታይ ስትመጣ መጀመሪያ የከፈተችው ፍሪጁን ነው፣ ቀጥሎ የጠየቀችው ምጣዱን። ትርፉን ምን ልታደርጊበት ነው ስትላት እህቴ ሶፋ አለች። አንድ ዓመት እንድትጠብቅ ነግሬያታለሁ፤ እሷ ግን በቴሌግራም አንድ ሰማያዊ አይታ ሊንኩን ልካልኛለች።